ለሌሊት መንገድ፣ ለአንድ ሰው ብቻ የሚሆን ዘፈን

«ሰላም ለዓምዱ አዘጋጅ። የምኖረው ዋሽንግተን አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ሬስቶራንት ውስጥ ነው የምሠራው፣ ስጨርስ እኩለ ሌሊት ይሆናል። አውቶቡስ ከምጠብቅ ብዬ በእግሬ ነው የምገባው፣ 40 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። መንገዱ ጭር ያለ ነው፣ ሰፈሩ ግን ሰላም ነው። እውነቱን ለመናገር ከቀኑ ሁሉ የምወደው ሰዓት ይሄ ነው። ትንሽ ብቸኝነት ይሰማኛል፣ ትንሽ አስባለሁ፣ ደስ ይላል። ችግሬ ዘፈኑ ነው። ትዝታ በትዝታ ላይ እደራርብና ቤት ስደርስ ልቤ ደቅቆ ነው የምገባው። አንዳንዴ በዚያ ሰዓት የማይደወልለት ሰው ጋ ሁሉ እደውላለሁ። ሞቅ ያለ ዘፈን ስከፍት ደግሞ መንገዱ ይበላሽብኛል። ደስ የሚል ነገር ስማ እንዳትሉኝ፣ ስሜቱን አልጠላሁትም። ምን ልስማ? የሌሊት መንገደኛ ነኝ።»

ወንድሜ፣ ትዝታውን አትተወው። ግን በአንድ ሌሊት አንድ በድምፅ የተዘፈነ ትዝታ ይበቃሃል። እሱም መጀመሪያ ላይ ሳይሆን ከመንገዱ አጋማሽ በኋላ ይምጣ። ከፊቱ ግጥም የሌላቸው ሙዚቃዎች ይቅደሙ፣ ከኋላው ደግሞ ምት የሌለው ፒያኖ ይከተል። የምመክርህ በአጭሩ ይሄው ነው፣ ግን ምክንያቱን ካልነገርኩህ ነገ ዝርዝሩን ትቀያይረውና እዚያው ትመለሳለህ።

በእግርህ እንጀምር። ከሥራ ስትወጣ እግርህ ገና ሥራ ላይ ነው። ሳህን ተሸክመህ በጠረጴዛዎች መሀል ስትሽሎከሎክ ያመሸህበትን ፍጥነት ይዘህ ነው መንገድ የምትጀምረው። ዛሬ ማታ ልክ እንደወጣህ ለ15 ሰከንድ እርምጃህን ቁጠርና በ4 አባዛው። ከ110 በላይ ከሆነ ገና አልበረድክም። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ደግመህ ስትቆጥር 95 ወይም ከዚያ በታች ታገኘዋለህ። ሰው ብቻውን ሲሆንና የሚያስቸኩለው ሲያጣ እንዲህ ነው የሚሄደው። በ115 እርምጃ እየተራመድክ በጣም ዝግ ያለ ትዝታ ስትከፍት እግርህና ጆሮህ ይጣላሉ። እግርህ ይቸኩላል፣ ዘፋኙ ይጎትትሃል፣ ሆድህ በመሀል ይረበሻል። ብዙ ሰው ይሄን ስሜት «ዘፈኑ ከበደኝ» ይለዋል። ብዙ ጊዜ ግን ሰዓቱ ሳይደርስ መከፈቱ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን አምስት ደቂቃዎች ምንም አትክፈት። ጆሮህ ከኩሽና ጫጫታ ነው የወጣው፣ እሱም ይረፍ። ይሄ ካስቸገረህ ስልኩን ቦርሳ ውስጥ ክተተው።

ከዚያ የሙላቱ አስታጥቄን «የከርሞ ሰው» ክፈት። ግጥም የለውም፣ አራት ደቂቃ ገደማ ነው። ባሱን አዳምጠው፦ ያንኑ ሐረግ ደጋግሞ ይመለሳል፣ የትንፋሽ መሣሪያዎቹ ከላይ ዜማውን ይዘው ይገባሉ፣ ይወጣሉ። ምቱ አይወላውልም። ፈጣን አይደለም፣ ግን የሚጎትትም አይደለም። እግርህ ሳታዘው ራሱን ከባሱ ጋር ያስተካክላል። ለመጀመሪያው ሙዚቃ የምፈልገው ይሄን ብቻ ነው፣ ከሥራ ፍጥነት ወደ መንገድ ፍጥነት የሚያወርድ ነገር። ስሜቱም ቢሆን አስረሽ ምቺው አይደለም። ጠቆር ያለ ነው፣ ግን ማንንም አያስታውስህም።

ሁለተኛው ለአንተ ሰፈር የተሠራ ይመስላል። ኃይሉ መርጊያ ከዋሊያስ ባንድ ጋር አሜሪካ መጥቶ ከቀሩት አንዱ ነው። እንደ ፈረንጆቹ በ1985 እዚያው ዋሽንግተን ብቻውን አንድ ካሴት ቀዳ። አኮርዲዮን ይዞ፣ ከሥሩ የኤሌክትሪክ ፒያኖና ሲንተሳይዘር ደርቦ፣ ከበሮውን ለድራም ማሽን ትቶ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ዓመታት በዚያው ከተማ ታክሲ ነድቷል። ካሴቱ በ2013 እንደገና ታትሞ ነው ዓለም ያወቀው። «ሸሞንሟናዬ»ን ከዚያ ውስጥ ፈልግ። ለመንገድ የመረጥኩት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ድራም ማሽኑ አይደክምም፣ አይጣደፍም፣ እርምጃህን ይይዝልሃል። ሁለተኛ፣ አኮርዲዮን እንደ ሰው ይተነፍሳል፣ ግን ቃል አይናገርም። ዜማው የአገር ቤት ነው፣ ድምፁ ግን ባዶ ክፍል ውስጥ ብቻውን የተቀመጠ ሰው ድምፅ ነው። አንድ ሰው አንተ አሁን ከምትራመድበት አጠገብ ባለ ከተማ ያንን ስሜት ይዞ ተቀምጦ ምን እንደሠራበት ትሰማለህ። በግሌ ከዝርዝሩ ሁሉ አንዱን ብቻ ያዝ ብትለኝ ይሄን ነው የምይዘው።

አሁን ወደ ትዝታው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የሚያደቅህ እዚህ ነው።

ትዝታ የአንድ ዘፈን ስም ብቻ እንዳልሆነ ታውቃለህ፣ ቅኝትም ነው። አምስት ድምፅ አለው። ፒያኖ ካገኘህ ጥቁር ቁልፎቹን ብቻ ነካካ። ሁለት ጥቁር ተከታትለው ካሉበት ቀጥሎ ሦስት የተደረደሩበት አለ አይደል? ከሦስቱ መጀመሪያ ካለው ተነስተህ ወደ ቀኝ አምስት ጥቁር ብትመታ ሙዚቀኞች ትዝታ ሜጀር የሚሉት ይወጣል። በዚህ ውስጥ እርስ በርሳቸው በጣም የተጠጉና የሚፋተጉ ድምፆች የሉም። ለዚህ ነው ክፍት ሆኖ የሚሰማህ። አሳዛኝ ሊሆን ይችላል፣ ግን አየር አለው። ሦስተኛውንና አምስተኛውን ድምፅ በግማሽ ዝቅ ስታደርጋቸው ደግሞ ትዝታ ማይነር ይሆናል። አሁን የሚፋተጉ ድምፆች ገቡ፣ ደረት ላይ የሚጫነውም ይሄኛው ነው። ሁለቱም ትዝታ ነው የሚባሉት። አንተ ግን «ትዝታ» ብለህ ፈልገህ የመጣልህን ሁሉ ስትደረድር ሦስት ማይነር ተከታትሎብህ ሊሆን ይችላል። ለመለየት ትምህርት አያስፈልግህም። ቀን ላይ፣ ሰው መሀል ሆነህ እያንዳንዱን አንድ ደቂቃ ስማው። ቀንም የሚከብድህ ከሆነ ሌሊት ብቻህን ስትሆን እጥፍ ነው የሚከብድህ።

ሌላው የግጥሙ አሠራር ነው። በተለምዶ የምንሰማው ትዝታ ታሪክ አይተርክም። ሁለት ሁለት መስመር ነው፣ እያንዳንዱ ጥንድ ብቻውን ይቆማል። ይቺን ማን የማያውቃት አለ፦

ትዝታዬ አንቺ ነሽ ትዝታም የለብኝ፣
እመጣለሁ እያልሽ እየቀረሽብኝ።

ይቺ አለቀች። ቀጥሎ የሚመጣው ጥንድ ከዚህች ጋር ላይገናኝም ይችላል። ዘፋኙ ካሻው ሦስት ይላል፣ ካሻው አሥራ አምስት። በየመሀሉ ሙዚቃው ብቻውን ይሄዳል። ለእግር መንገድ ይሄ በጣም ይመቻል። በመሀል ሐሳብህ ቢሄድ፣ መኪና መጥቶ ቢያናጥብህ፣ የጠፋብህ ነገር የለም፣ በሚቀጥለው ጥንድ ትመለሳለህ። ታሪክ የሚተርክ ዘፈን ግን አንዴ ከያዘህ የራስህን ሐሳብ አያሳስብህም፣ የሱን ኑሮ ነው የምትኖረው። ብቻህን መራመድ የምትወደው ደግሞ የራስህን ለማሰብ መሰለኝ።

ግን ጥቅሙ ራሱ አደጋው ነው። ባዶው ቦታ የሚሞላው ባንተ ሰው ነው። ዘፋኙ ስም አይጠራም፣ አንተ ትጠራለህ። አንዱ ትዝታ ሲያልቅ ስሙ ተጠርቷል፣ ፊቱ ታይቷል፣ አሁን ዝም ማለት ነበረበት። አንተ ግን ሌላ ትዝታ ትከፍትና ያንኑ ሰው ደግመህ ትጠራዋለህ። ሦስተኛው ላይ ስልክህ እጅህ ላይ ነው።

ስለዚህ እንዲህ አድርግ። ከኃይሉ ቀጥሎ የሙላቱን «ትዝታ» ክፈት፣ ግጥም የሌለውን። ስድስት ደቂቃ ገደማ ነው። ዜማው ያው የምታውቀው ነው፣ ግን በመሣሪያ ብቻ ስለሆነ ማንም ምንም አይልህም። ጆሮህ ዜማውን ይለማመዳል፣ ልብህም ቀስ ብሎ ይዘጋጃል። በዚህ ጊዜ ግማሽ መንገድ ላይ ደርሰሃል። እርምጃህን ቁጠረው ብዬህ የለ? አሁን ወርዶ ታገኘዋለህ።

ከዚያ የመሐሙድ አሕመድን ትዝታ። ረጅሙን ማለቴ ነው፣ ከ10 ደቂቃ በላይ የሚሄደውን። አጭር ትዝታ ለሌሊት መንገድ አልመክርም፣ ልብህን ቀስቅሶ ሳያስተኛው ነው የሚያልቀው። የመሐሙድ ጊዜ ወስዶ ይመጣል፣ ጊዜ ወስዶ ይሄዳል። ድምፁን ሲያርገበግብ ልብ በል። ቃሉን ብሎ ከጨረሰ በኋላ የመጨረሻዋን ድምፅ ይዞ ይቆይባታል፣ ያዞራታል፣ ከዚያ ነው የሚለቃት። ቃሉ ያለቀበት ቦታ ላይ አንተም ሐሳብህን ልቀቅ። ዘፈኑ ሲያበቃ ደግመህ አታጫውተው። ሌላ ትዝታም አትክፈት።

አንድ ነገር ልጨምር፣ የበዛወርቅ አስፋውም ትዝታ እንደዚሁ ነው። የሷን ከመረጥክ የመሐሙድን ተው። ሁለቱን በአንድ ሌሊት አይሆንም። ለኔ የበዛወርቅ ይከብዳል፣ ሆዴ ላይ ነው የሚያርፈው። ሥራ በጣም ያደከመህ ቀን መሐሙድ ይሻልሃል።

መጨረሻው እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ናቸው። እንደ ፈረንጆቹ በ1923 አዲስ አበባ ተወልደው በ2023 ኢየሩሳሌም ያረፉት፣ ፒያኖ ተጫዋቿ መነኩሲት። በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ተምረዋል፣ በጣሊያን ጊዜ ከቤተሰባቸው ጋር በእስር ተግዘዋል፣ ካይሮ ቫዮሊን ተምረዋል፣ ከዚያ መንነው ግሸን ማርያም ገብተዋል። የመጨረሻ ዘመናቸውን ያሳለፉት ኢየሩሳሌም በሚገኘው የኢትዮጵያ ገዳም ነው። ስልክህ ላይ The Homeless Wanderer ተብሎ የተጻፈውን ፈልግ። ሰባት ደቂቃ ገደማ ነው፣ ፒያኖ ብቻ።

ለምን መጨረሻ? ምት የለውም። ማለቴ፣ እንደ ድራም ማሽኑ የሚቆጠር ምት የለውም። እማሆይ ሲፈልጉ ይፈጥናሉ፣ ሲፈልጉ ይዘገያሉ፣ አንዷን ድምፅ ይነኩና ጣታቸውን አንስተው ይጠብቃሉ። መንገድ ስትጀምር ብትከፍተው እግርህ የሚይዘው ስለሌለ ይደናገራል። አንዴ ከበረድክ በኋላ ግን ነፃ ያወጣሃል፣ ለማንም ምት አትራመድም። ደግሞ ከትዝታው በኋላ የቀረብህን ስም ያጥበዋል። ዜማው የኛው ነው፣ ትዝታ ትዝታ ይላል፣ ግን ማንንም አይወቅስም፣ «ለምን ቀረሽ» አይልም። ብቸኝነቱ አለ፣ ቅሬታው የለም። አንተ በደብዳቤህ የጻፍከው ስሜት ይሄ መሰለኝ።

ደምረው፦ አምስት ደቂቃ ዝምታ፣ ከዚያ አራት፣ አምስት፣ ስድስት፣ ከአሥር በላይ፣ ሰባት። ወደ 40 ደቂቃ ነው። ቶሎ ከደረስክ ፒያኖውን አቋርጠው፣ ትዝታውን ግን አታቋርጠው።

አሁን ስለ ስልኩ፣ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚበላሽበት። መጀመሪያ ስማቸውን በእንግሊዝኛ ፊደል ስትፈልግ አንዱ Tezeta ይጽፈዋል፣ ሌላው Tizita። በሁለቱም ሞክር፣ የዘፋኙንም ስም ጨምርበት፣ አለዚያ አሥር ዓይነት ትዝታ ነው የሚመጣብህ። Éthiopiques የሚባለው የአልበም ተከታታይ ውስጥ ብዙውን ታገኛለህ፦ ቁጥር 4 የሙላቱ ነው፣ ቁጥር 10 የትዝታ ስብስብ ነው፣ ቁጥር 21 የእማሆይ። ስድስቱን ሳይሆን አምስቱን ብቻ ነው የምትደረድረው፣ ዝምታው ዘፈን አይፈልግም። ካወረድካቸው በኋላ ሹፍሉን አጥፋ። ዝርዝሩ ሲያልቅ አፑ ራሱ ሌላ እንዳይጨምርብህ አውቶፕሌይ የሚለውንም አጥፋ። ይሄን ካላደረግክ እማሆይ ጣታቸውን ከፒያኖው ሳያነሱ የሠርግ ዘፈን ይፈነዳብሃል፣ ያመጣኸው ነገር ሁሉ እዚያው ያበቃል።

ሌላው የድምፅ መጠን ነው። የድሮዎቹ ቀረጻዎች ከዛሬዎቹ ዝቅ ያሉ ናቸው፣ አንዱን ለመስማት ከፍ ታደርግና ቀጣዩ ይጮህብሃል። አብዛኞቹ አፖች ድምፅን እኩል የሚያደርግ ማስተካከያ አላቸው፣ ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ አብራው። ከዚያ በላይ ግን ልኩን በጫማህ ለካ፦ የራስህ እርምጃ ካልተሰማህ ድምፁ በዝቷል፣ ቀንስ። ሌሊት ከተማው ዝም ስላለ ቀን ከምታደርገው በጣም ያነሰ ይበቃሃል። ከኋላህ የሚመጣ መኪናና ሰውም በዚያው ይሰማሃል። ሰፈሩ ሰላም ነው ብለሃል፣ ጥሩ፣ ቢሆንም መንገድ ስታቋርጥ አንዱን ጆሮ አውጣ።

ስልኩ ላይ አንድ ሌላ ነገር። «የማይደወልለት ሰው» ያልከውን እንተወው፣ ማን እንደሆነ አልጠይቅህም። ከሱ ጋር አብራችሁ የሰማችሁት ዘፈን ግን ዝርዝሩ ውስጥ እንዳይገባ። ምን ያህል ቢያምር፣ ምን ያህል ለሌሊት ቢሆን፣ አይግባ። አዲስ ከምትሰማው ከባድ ትዝታ ይልቅ አብረህ የሳቅክበት ቀላል ዘፈን ነው የሚያስደውልህ። ካወቅከው አውጣው። ካላወቅከው ደግሞ እንዲህ ታውቀዋለህ፦ ዘፈኑ ሲጀምር እርምጃህ ይቆማል ወይም እጅህ ኪስህ ውስጥ ይገባል። የገባ ጊዜ ያንን ዘፈን በማግስቱ ሰርዘው።

በገና የምትወድ ከሆነ ደግሞ በጾሙ ወራት ሙሉ ዝርዝሩን በዓለሙ አጋ ልትተካው ትችላለህ። አሥር አውታር ያለው መሣሪያ ነው፣ የሚነዝረው ድምፁ የሚመጣው ከየአውታሩ ሥር ከምትገባው ትንሽ ቆዳ፣ ከእንዚራው ነው። ያ ንዝረት ወፍራም ስለሆነ ርካሽ ማዳመጫ ላይ ግማሹ ይጠፋል፣ ሽፋን ያለው ትልቅ ማዳመጫ ካለህ እሱን አድርግ። በበገና ግን እርምጃ አትቆጥርም፣ ሐሳብም አትመርጥም። መዝሙር ነው፣ ወደ ራሱ ነው የሚወስድህ። ስለዚህ ሌላ ነገር ለማሰብ ከወጣህ በሱ አትጀምር።

ለሁለት ሳምንት በዚሁ ቅደም ተከተል ሞክረውና ከሁለቱ ምልክቶች የትኛው እንደታየህ ጻፍልኝ። ቤት ገብተህ እራት ማሞቅ ካማረህ ልክ ነው። ጫማህን ሳታወልቅ አልጋ ላይ ከተቀመጥክ ግን ትዝታው ለመጨረሻው በጣም ቀርቧል ማለት ነው፣ በአንድ ሙዚቃ አስቀድመውና «ሸሞንሟናዬ»ን ከእማሆይ በፊት አግባው። የበዛወርቅን ደግሞ በማግሥቱ ሥራ ለሌለህ ሌሊት አቆየው።